ፓስወርድ በዳይስ፦ የቃላት ዝርዝሩና የቢቱ ስሌት

ዘዴው ዳይስዌር ይባላል። አርኖልድ ራይንሆልድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ነው። ከበርካታ ቃላት የተሠራ ረጅም ፓስወርድ፣ ማለትም የይለፍ ሐረግ ታወጣላችሁ፤ ቃላቱን የሚመርጠው ግን ዳይሱ ነው። ሰው በራሱ ይምረጥ ከተባለ ዞሮ ዞሮ የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ዓመት ወይም የሚወደውን ዘፈን ስንኝ ነው የሚያመጣው፣ ፓስወርድ ሰባሪዎች ደግሞ ቀድመው የሚሞክሩት እሱኑ ነው።

ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ዝርዝር ኢኤፍኤፍ የተባለው የዲጂታል መብት ተሟጋች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው። 7,776 የእንግሊዝኛ ቃላት አሉት። ለምን 7,776? አንድ ዳይስ አምስት ጊዜ ሲወረወር ሊወጡ የሚችሉት ውጤቶች ልክ ያን ያህል ስለሆኑ ነው። አምስቱን ቁጥር በወጡበት ተራ ጽፋችሁ ዝርዝሩ ላይ ትፈልጋላችሁ፤ 11111 ከሆነ `abacus`፣ 66666 ከሆነ `zoom` ነው። ስድስት ቃል እስኪሞላ ትደግማላችሁ።

አሁን ወደ ስሌቱ። አጥቂው ዝርዝሩንም፣ የቃላቱንም ብዛት ያውቃል ብላችሁ ነው የምትነሱት። የማያውቀው ዳይሱ ምን እንዳወጣ ብቻ ነው። ኢንትሮፒ የሚለካውም ይሄን ነው፤ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የሚሞክረው ብዛት እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ የአንድ ቃል፣ ቀጥሎ የስድስት ቃል ቢት ይኸውና፦

```
log2(7776) = 12.92
6 × 12.92  = 77.5
```

በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ግምት የሚሞክር ሰው አለ እንበል። የአራት ቃል ሐረግ (51.7 ቢት) አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚወስድበት። አምስት ቃል 11 ወር ገደማ። ስድስት ቃል ግን 7,000 ዓመት ይደርሳል። ይህ ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ ነው፤ በአማካይ ግማሹ ላይ ያገኘዋል።

ሰው የሚሳሳተው ግን ሐረጉ ከወጣ በኋላ ነው። "ይሄ ቃል ደበረኝ" ብሎ እንደገና መወርወር ይጀምራል። ሃያ ሐረግ አውጥታችሁ የወደዳችሁትን ብትይዙ እስከ 4.3 ቢት ልታጡ ትችላላችሁ፣ ያን ያህል አይጎዳም። ቃላቱን እንዲጥሟችሁ አድርጋችሁ ብታሰልፏቸው ግን ስድስት ቃላት 720 አሰላለፍ ስላላቸው ኪሳራው እስከ 9.5 ቢት ይደርሳል፣ 77.5 የነበረው 68 ሆነ ማለት ነው። ድረ ገጾች ላይ "ጠንካራ" እያለ አረንጓዴ የሚያበራው መለኪያ ይህን አያይም፤ ሐረጉ እንዴት እንደተመረጠ ከየት ያውቃል?

የአማርኛ ዝርዝር ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። 1,296 ቃል ከሰበሰባችሁ በአራት ውርወራ አንድ ቃል ይወጣል፣ አንዱ 10.34 ቢት ነው፣ ስለዚህ ስምንት ቃል ወደ 83 ቢት ይሰጣል። ጣጣው ፊደሉ ነው። ፀሐይና ጸሀይ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት፤ ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ የትኛው እንደነበር ትረሱና ትቆለፋላችሁ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፓስወርድ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል። በላቲን ከጻፋችሁት `tsehay` ይሁን `tsehai` ዝርዝሩን ስትሠሩ አንዴ ወስናችሁ ጨርሱ።