«ታማኝ ሻጭ ይፈለጋል»፦ የመጀመሪያ የሱቅ ሠራተኛ ሲቀጠር የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ማስታወቂያው ላይ ‹ታማኝ፣ ታታሪና ቀልጣፋ› ብዬ ከጻፍኩ በቂ ነው።»

ታማኝ አይደለሁም ብሎ ከማመልከት የሚቀር ሰው የለም። ስለዚህ እነዚህ ቃላት ማንንም አያጣሩም፤ ስልክዎ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ከሚደውሉት አብዛኞቹም ሰዓቱን ወይም ክፍያውን ሲሰሙ ይተዉታል። የሚያጣራው የሥራው እውነታ ነው። መገናኛ አካባቢ ያለ የጫማ ሱቅ፣ በመስታወቱ ላይም ሆነ በቴሌግራም እንዲህ ቢል ይሻላል፦

«መገናኛ ለሚገኝ የጫማ ሱቅ አንድ ሻጭ እንፈልጋለን። ሥራው፦ ደንበኛ ማስተናገድ፣ ገንዘብ መቀበልና ደረሰኝ መቁረጥ፣ ከመጋዘን ካርቶን አውርዶ መደርደር፣ ማታ ሒሳብ ማስረከብ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30፣ አንድ ሰዓት ምሳ። ደመወዝ 8,000 ብር፣ ወር በገባ በ30ኛው ቀን ይከፈላል። ልምድ ግዴታ አይደለም፤ መደመርና መቀነስ ግን ግዴታ ነው። እስከ ዓርብ ከ8:00 እስከ 10:00 ብቻ ይደውሉ።»

ደመወዙ ለምሳሌ የተቀመጠ ነው፤ ሰዓቱ ግን የታሰበበት ነው። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመደበኛ ሥራ ጣሪያም ይኸው ነው። ሱቁ እስከ ምሽት 2:00 የሚከፈት ከሆነ የቀረውን ሰዓት ባለቤቱ ራሱ ይቆማል። የካርቶኑን ነገር መጥቀስም ግድ ነው፤ ለመሸጥ ብቻ የተቀጠረች መስሏት መጥታ ሸክም የገጠማት ሠራተኛ ሳምንት ሳትሞላ ትሄዳለች።

«ደመወዝ ‹በስምምነት› ካልኩ በርካሽ አገኛለሁ።»

ርካሽ የሚመጣልዎት ሌላ ቦታ እስክታገኝ ብቻ የምትቆየዋ ናት።

«መልከ መልካም፣ ዲግሪ ያላት...»

ጫማ ለመሸጥ ሁለቱም አያስፈልጉም።

«ጥያቄ ምን ያደርጋል? ሰው ገና በር ሲገባ አውቀዋለሁ።»

ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ እምነት ነው። በር ላይ የሚታየው አለባበስና ፈገግታ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሚያከስረው ግን መልስ ሲሳሳት፣ የውሸት የክፍያ መልእክት ሲታመን፣ የተሸጠ ዕቃ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። እነዚህ ፊት ላይ አይነበቡም። «ታማኝ ነሽ?» ብሎ መጠየቅም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል።

ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ቅደም ተከተል ይጠይቁ፤ ያለዚያ ማወዳደር አይቻልም። ሦስቱ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። «ደንበኛ ባለ 185 ብር ካልሲ ሦስት፣ ባለ 240 ብር ቀለም አንድ ወሰደች፤ 1,000 ብር ሰጠችሽ። ስንት ትመልሺላታለሽ?» መልሱ 205 ብር ነው። ወረቀትና ካልኩሌተር ይፍቀዱላት። የሚፈለገው ፍጥነት አይደለም፤ ቁጥሩን ከመናገሯ በፊት ደግማ ማረጋገጧ ነው።

ሁለተኛው፦ «ደንበኛው በቴሌብር ከፈልኩ ብሎ ስልኩን አሳየሽ፤ ወደ ሱቁ ስልክ ግን መልእክት አልገባም። ወረፋ አለ፣ እሱም ቸኩሏል። ምን ታደርጊያለሽ?» የደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየው ሊቀነባበር ስለሚችል፣ ዕቃው የሚወጣው ገንዘቡ በሱቁ ሒሳብ መግባቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ጥሩ መልስ ደንበኛውን በትሕትና አስቆይቶ ማጣራት ወይም ለባለቤቱ መደወል ነው። «ስክሪኑን ካየሁ እሰጠዋለሁ» ያለች ልትሰለጥን ትችላለች፤ ሰውየውን ሌባ ብላ የምትጮኽበት ግን ደንበኛ ታባርራለች።

ሦስተኛው፦ «ማታ ሒሳብ ስትዘጊ 150 ብር ጎደለ። ከዚያስ?» «ከኪሴ እሞላለሁ» የሚለው መልስ ቅን ይመስላል፤ ግን ጉድለትን መደበቅ ነው፣ መንስኤውም አይታወቅም። የሚፈለገው እንደገና መቁጠር፣ ከደረሰኞቹ ጋር ማመሳከርና በዚያው ምሽት መናገር ነው።

እያንዳንዱን መልስ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ሰጥተው አመልካቿ እንደወጣች ይጻፉት። ማታ በትዝታ ካወዳደሩ የመጨረሻዋ ብቻ ትታወስዎታለች። «አግብተሻል? ልጅ አለሽ?» የሚሉ ጥያቄዎችን ይተዉ፤ ስለ ሥራው የሚነግሩዎት ነገር የለም። ይልቅ ቀድሞ የሠራችበት ካለ ደውለው «ሒሳብ ታስረክብ ነበር? ለምን ወጣች?» ይበሉ።

«ዋስ ካመጣች ሌላው ትርፍ ነው።»

ዋስ ጉድለቱ ከደረሰ በኋላ ነው የሚፈለገው፤ አይከላከልም። በዚያ ላይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ሥራ በጀመረች ዕለትም ዕቃው ተቆጥሮ ሁለታችሁም ካልፈረማችሁበት፣ ጎደለ የሚሉትን በምንም ማሳየት አይችሉም።

«ለጊዜው ሙከራ ላይ ናት፣ ወረቀት አያስፈልግም።»

የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥም አይችልም። በቃል ብቻ ከተባለ ሕጉ ፊት የሙከራ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ የሥራ ዝርዝሩን፣ ሰዓቱንና ደመወዙን ከማስታወቂያው ገልብጠው ውሉ ላይ ያስፍሩና ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይፈራረሙ።