የተፈጨ ሥጋ ከሙሉ ቁራጭ ለምን ይበልጥ ያሰጋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሥጋው ያው የአንድ በሬ ሥጋ ነው፤ ቢፈጭ ምን ይለወጣል?»

የሚለወጠው ላዩ የሚገኝበት ቦታ ነው። የጤነኛ በሬ ጡንቻ ውስጡ ከባክቴሪያ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ኢ ኮላይ ያሉት ተህዋስያን የሚኖሩት በአንጀት ውስጥ ሲሆን ሥጋው ላይ የሚያርፉት በእርድ ጊዜ ነው፤ ቆዳው ሲገፈፍ ፀጉሩ ላይ የደረቀ እበት ሲነካው፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ፈርስ ጠብ ሲልበት፣ ቢላዋው ሳይታጠብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ። ስለዚህ ከላይ ነው የሚቀመጡት። ሁለት ጣት የሚወፍር ቁራጭ በጋለ መጥበሻ ላይ ሁለቱም ገጾቹና ጠርዙ ሲጠበሱ፣ እነርሱ ያሉበት ቦታ ሁሉ እሳቱን ያገኘዋል። መሃሉ ቀይ ሆኖ ቢቀር እንኳ አደጋው ትንሽ ነው።

ያንኑ ቁራጭ መፍጫው ውስጥ ይክተቱት። ላዩ የነበረው እየተቆራረጠ ከውስጡ ጋር ይደባለቃል፤ ጠፍጥፈው በርገር ሲያደርጉትም ባክቴሪያው እሳቱ መጨረሻ ላይ በሚደርስበት መሃል ይቀመጣል። በዚያ ላይ በመፍጫው ምላጭና ቀዳዳዎች ላይ የቀረው የጠዋት ሥጋ የከሰዓቱን ይበክላል። በትልልቅ ፋብሪካዎች ደግሞ የብዙ ከብቶች ሥጋ አንድ ላይ ስለሚፈጭ፣ የአንዱ በሬ ጣጣ ለሁሉም ይተርፋል። በቢላዋ አድቅቆ መክተፍም ከዚህ አያድንም፤ ክትፎ ለብለብ ሲባል መሃሉ ሙቀት አላገኘም። ምንቸት አብሽ ግን ያው የተከተፈ ሥጋ ሆኖ ሳለ ወጡ ውስጥ እየፈላ ስለሚበስል በዚህ በኩል አይታማም።

«ውስጡ ቡናማ ከሆነ በስሏል»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የተፈጨ ሥጋ አየር በብዛት ስለሚነካው፣ በተለይም ቆየት ካለ፣ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ቡናማ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው በደንብ በስሎም ሮዝ መልክ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሚታመነው ቀጭን የምግብ ቴርሞሜትር ነው። ጫፉን ከበርገሩ ጎን ወደ መሃሉ አስገብተው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማንበብ አለብዎት። ለሙሉ ቁራጭ 63 ዲግሪና ከዚያ በኋላ የሦስት ደቂቃ ዕረፍት ይበቃል።

የጥቂት ዲግሪዎች ልዩነት ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ታይቷል። ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በተባለው የበርገር ቤት ሰንሰለት በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ የበሉ ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ሕፃናት ሞቱ። ብዙዎቹ ታማሚዎች የነበሩበት የዋሽንግተን ግዛት 68 ዲግሪ ይጠይቅ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ያበስል የነበረው በፌዴራሉ መንግሥት የ60 ዲግሪ መለኪያ ነው። ጥፋተኛው ኢ ኮላይ ኦ157 የተባለው ዝርያ ሲሆን ከመቶ ያነሱ ባክቴሪያዎች እንኳ ሊያሳምሙ ይችላሉ። መርዙ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ በሕፃናት ላይ ሲበረታ ኩላሊትን ያቆማል። በ1994 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ይህ ባክቴሪያ የተገኘበት ጥሬ የተፈጨ የበሬ ሥጋ እንደ ተበከለ ምግብ እንዲቆጠር ወሰነ። ባልተፈጨ ቁራጭ ላዩ ላይ ሲገኝ ግን ቁራጩ ሳይፈጭ የሚበላ እስከሆነ ድረስ ያን ያህል አልጠበቀም፤ ሕጉ መስመሩን ያሰመረው ልክ መፍጫው ላይ ነው።

«በረዶ ውስጥ አድሯል፤ ሚጥሚጣውም ይገድለዋል»

ቅዝቃዜ ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ሥጋው ሲቀልጥ ይነቃል። ሚጥሚጣና ሎሚም ምላስን እንጂ ባክቴሪያውን አያቃጥሉም፤ አረቄውም ከዚህ አይለይም።

«እንግዲያው ያልተፈጨ ሥጋ በጥሬው ቢበላ ችግር የለውም»

እስካሁን ያልኩት ላዩ ስለተጠበሰ ሙሉ ቁራጭ ነው። ጎረድ ጎረድና ቁርጥ ላዩ እሳት አላየም፤ ከላይ የነበረው እንዳለ ወደ አፍ ይገባል። በመርፌ ተወግቶ እንዲለሰልስ የተደረገ ቁራጭም እንደ ሙሉ አይቆጠርም፤ መርፌው የላዩን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባልና።

ኮሶ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የትሉ እጭ ከላይ የሚያርፍ አይደለም፤ ከብቱ በሕይወት ሳለ በደም ተጉዞ ጡንቻው ውስጥ የሚቀመጥ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል ከረጢት ነው። እዚህ ላይ መፈጨት አለመፈጨት ለውጥ የለውም፤ የላዩ መጠበስም መሃሉ ካልበሰለ አያድንም። በቄራ የሥጋ መርማሪው የከብቱን የመንጋጋ ጡንቻና ልቡን በቢላዋ እየሰነጠቀ የሚያየው ይህንኑ ከረጢት ፍለጋ ነው።