ብርሃን ከቆዳና ከሰም ሥር፦ ከራፕ ላይቲንግ እስከ ዲፊውዥን ፕሮፋይል

ቆዳ ላይ ያረፈ ብርሃን ሁሉ እዚያው ነጥሮ አይመለስም። ጥቂቱ፣ ከፊት ለፊት ሲያርፍ ከመቶ 3 እጅ ገደማ፣ ከላይኛው ገጽ ነጥሮ ይሄዳል። በፊት ላይ ወዝ ሆኖ የምናየው እሱ ነው። የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ እየተላተመ ይንከራተታል፤ ከፊሉ ተውጦ ይቀራል፣ ከፊሉ ከገባበት ቦታ ራቅ ብሎ ይወጣል። በኮምፒውተር ግራፊክስ ይህ ሰብሰርፌስ ስካተሪንግ ይባላል። ሰምም፣ እብነ በረድም፣ ወተትም እንዲሁ ናቸው። የሚለያዩት ብርሃኑ ውስጥ ለውስጥ በሚጓዘው ርቀትና በሚዋጠው ቀለም ነው። ርቀቱን ልብ በሉ፤ ርካሹን ዘዴ ከውዱ የሚለየው ዋናው ነገር እሱ ነው።

የተለመደው የላምበርት ሼዲንግ ብርሃን በገባበት ነጥብ ይወጣል ብሎ ያስባል። ለግድግዳ ይበቃል። ፊት ላይ ሲውል ግን ቆዳው ቀለም የተቀባ ጄሶ ይመስላል፤ የብርሃንና የጥላ ድንበሩ ደረቅና ግራጫ ይሆናል። በእውነተኛ ቆዳ ድንበሩ ላይ ቀላ ያለ ቀጭን መስመር አለ። ደም አረንጓዴንና ሰማያዊን ብርሃን በብዛት ስለሚውጥ፣ ራቅ ብሎ ለመውጣት የሚተርፈው በአብዛኛው ቀዩ ነው።

ራፕ ላይቲንግ ይህን ለስላሳ ድንበር በአንድ መስመር ሒሳብ ለማስመሰል ይሞክራል።

```
float d = (dot(N, L) + w) / (1.0 + w);
float diffuse = max(0.0, d);
```

`N` ገጹ የዞረበት አቅጣጫ፣ `L` ብርሃኑ ያለበት አቅጣጫ ነው፤ `w` ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚጠቀለል ይወስናል። `w` 0 ሲሆን ላምበርት ራሱ ነው። 0.5 ብናደርገውስ? የገጹ አቅጣጫ ከብርሃኑ 90 ዲግሪ የዞረበት ቦታ፣ ድሮ ድፍን ጥቁር ይሆን የነበረው፣ አሁን 0.33 ያህል ብርሃን ያገኛል። ጨለማው የሚጀምረው 120 ዲግሪ ላይ ነው። ብርሃኑ 30 ዲግሪ ወደ ጥላው ተጠቀለለ ማለት ነው። ሲጠቀለል ግን ከየትም ያልመጣ ብርሃን ይጨምራል፤ አንድን ሉል ዞረን ብንደምር ጠቅላላው የላምበርትን 1.5 እጥፍ ይሆናል። ይህ እንኳ ቀላል ነው፤ ውጤቱን አንዴ እንደገና ለ`1.0 + w` ማካፈል ይበቃል።

ከባዱ ችግር ራፕ የሚያውቀው ማዕዘን ብቻ መሆኑ ነው። ጭንቅላትን 80 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ሉል አድርገን እንውሰድ። በእሱ ላይ 30 ዲግሪ ማለት 42 ሚሊሜትር ነው። ራዲየሱ 8 ሚሊሜትር የሆነ የጣት ጫፍ ላይ ደግሞ ያው 30 ዲግሪ 4.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በቆዳ ውስጥ ቀይ ብርሃን በሚታይ መጠን የሚጓዘው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ያው `w` ጣት ላይ እውነት ይመስላል፣ ጉንጭ ላይ ግን ይዋሻል። በራፕ የተሠሩ ፊቶች የጎማ አሻንጉሊት የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ከብርሃኑ እስከ መጀመሪያው ገጽ ያለውን ርቀት ይዞ ጥላን ከሚወስነው ከሻዶው ማፕ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከ90 ዲግሪ ወዲያ ያለው ገጽ ራሱን በራሱ ስለሚጋርድ፣ ራፕ የጨመረውን ብርሃን ሻዶው ማፑ ይቆርጠዋል። 0.33 የነበረው በአንዴ ወደ 0 ይወርዳል። ፊት ላይ ስለት የመሰለ መስመር ካያችሁ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ። ብዙ ሰው ባያሱን፣ ማለትም ጥላ ከመባሉ በፊት የሚፈቀደውን የርቀት ልዩነት፣ እየጨመረ ሊያልፈው ይሞክራል፤ ያኔ ደግሞ መጨለም የነበረበት የአፍንጫ ሥር ይበራል።

ኤሪክ ፔነር በ2011 ያቀረበው መላ ርቀቱን ወደ ሒሳቡ የሚመልስ ነው። የቆዳው ብተና በተለያየ ራዲየስ ባላቸው ክቦች ላይ አስቀድሞ ይሰላና በአንድ ትንሽ ቴክስቸር ይቀመጣል። አንዱ ዘንግ `dot(N, L)` ነው፣ ሌላው 1 ለራዲየስ፣ ማለትም ኩርባው። ሼደሩ ኩርባውን እንዲህ ይገምታል፦

```
float c = length(fwidth(N)) / length(fwidth(P));
```

`P` የነጥቡ ቦታ ነው፤ `fwidth` ከአጎራባች ፒክስሎች ጋር ያለውን ልዩነት ይሰጣል። `P` በሚሊሜትር ከሆነ ለጭንቅላታችን 0.0125፣ ለጣቱ 0.125 ይወጣል። ጣቱ ብዙ ይለሰልሳል፣ ጉንጩ ጥቂት። ዋጋው አንድ ቴክስቸር ማንበብ ብቻ ነው፤ በእኔ እምነት አቅሙ ለደከመ መሣሪያ እስካሁን ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም። ሶስት ማዕዘኖቹ ፊት ላይ ተለይተው መታየት ከጀመሩ ግን `fwidth` ነው ጥፋተኛው። ኩርባውን አስቀድሞ ቴክስቸር ላይ ቤክ ማድረግ ያድናል።

ዲፊውዥን ፕሮፋይል ኩርባን ጨርሶ አይጠይቅም። በጨለማ ክፍል ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ ጨረር ቆዳ ላይ ቢያርፍ፣ በዙሪያው ደብዛዛ ክብ ይታያል። ብሩህነቱ ከመሃል በየሚሊሜትሩ እንዴት እንደሚቀንስ የሚናገረው ኩርቭ ፕሮፋይሉ ነው። ሄንሪክ ያንሰንና ባልደረቦቹ በ2001 ዳይፖል የተባለውን ሞዴል ካወጡ በኋላ ይህን ኩርቭ ማስላት ርካሽ ሆነ። በ2007 ዩጂን ዲዮንና ዴቪድ ሉብኪ የቆዳን ፕሮፋይል ጋውሲያን በተባሉ ስድስት የደወል ቅርጽ ያላቸው ኩርቮች ድምር ገለጹት። ከቀይ ብርሃን ከመቶ 44 ያህሉ ሁለቱ ሰፋፊ ጋውሲያኖች ውስጥ ነው፤ ስፋታቸው 1.4 እና 2.7 ሚሊሜትር ነው። ከአረንጓዴው እዚያ የሚደርሰው ከመቶ 0.5 እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሰማያዊው ምንም። ያ ቀይ መስመር ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ማንም ቀለም አልቀባውም።

ፕሮፋይሉ ካለ ሥራው ብዥታ ነው። ፊቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ይሰላል፣ በፕሮፋይሉ ስፋት ይደበዝዛል፣ ወዙ ከዚያ በኋላ ሳይደበዝዝ ይደመራል። ወዙ አብሮ ከደበዘዘ ቆዳው ሕይወት ያጣል። ሆርሄ ሂሜኔዝና ባልደረቦቹ በ2009 ብዥታውን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ሠሩት። ዋጋው የፊቶቹ ብዛት ሳይሆን ስክሪኑ ላይ የያዙት ቦታ ሆነ። የጥልቀት ልዩነት ካልተፈተሸ ግን የአገጭ ብርሃን ከኋላው ወዳለው አንገት ይፈሳል።

ትክክል መሆኑን ለማወቅ የአፍንጫው ጥላ ጉንጭ ላይ ያረፈበትን ጠርዝ እዩ። ራፕ የወደቀ ጥላን ጨርሶ አይነካም፤ ፕሮፋይል ግን ያለሰልሰዋል፣ ያቀላዋልም። ቅላቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ግማሽ ጉንጭ ከሸፈነ፣ ቀዳዳዎቹና ሽብሽቦቹም ከጠፉ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መለኪያው ላይ ነው። በሴንቲሜትር የተሠራ ሞዴል እንደ ሚሊሜትር ተነቧል፤ ጭንቅላቱ በአሥር እጥፍ አንሷል ማለት ነው። ያኔ ቆዳው ሰም ይሆናል።

ሰም ራሱ ሲሆን ደግሞ ፕሮፋይሉ ይቸገራል። ዳይፖል የሚያስበው ዳር የሌለው ጠፍጣፋ፣ ወደታችም ማለቂያ የሌለው ነገር ነው። ለጉንጭ ያስኬዳል። ሻማ ውስጥ ግን ብርሃን የሚጓዘው ርቀት ከሻማው ውፍረት ጋር ይቀራረባል። ከነበልባሉ የገባው ብርሃን ግንቡን ሰንጥቆ በውጭ በኩል ይወጣል። የስክሪን ብዥታ ይህን ሊሠራ አይችልም፤ ብርሃኑ የገባበት ገጽ ስክሪኑ ላይ የለም። በጌም ውስጥ የሚደረገው ውፍረቱን ከሻዶው ማፕ ለክቶ ብርሃኑን በ`exp(-k * t)` መቀነስ ነው፤ `t` ውፍረቱ፣ `k` ደግሞ ብርሃኑ የሚቀንስበት ፍጥነት ነው። የጆሮ ጫፍም እንዲሁ ይሠራል። በፊልም ሥራ ደግሞ ራንደም ዎክ አለ። እያንዳንዱ ጨረር ሰሙ ውስጥ እየተላተመ እስኪወጣ ድረስ በእርምጃ ይከተሉታል፤ ስለ ቅርጹ ምንም ግምት አያስፈልግም። ነጭ ሰም ብዙ ስለማይውጥ ግን ጨረሩ ቶሎ አይሞትም። እርምጃዎቹን ቀድሞ ያቋረጠ ሬንደር ሻማውን ከሚገባው በላይ ያጨልመዋል፤ እስኪወጣ የጠበቀው ደግሞ ለአንድ ፒክስል ብዙ መቶ ግጭት ሊቆጥር ይችላል።