አጥሩ ሲያልቅ ስንት ብር ይፈጃል?

ኮምቦልቻ ላይ 100 ሜትር የመጋዘን አጥር እየተሠራ ነው እንበል። በጀቱ፣ ማለትም BAC፣ 1,000,000 ብር ነው። እስካሁን 40 ሜትር አልቋል፤ ስለዚህ የተሠራው ሥራ ዋጋ፣ EV፣ 400,000 ብር ይሆናል። የወጣው ገንዘብ፣ AC፣ ግን 500,000 ደርሷል። 400,000ን ለ500,000 ስናካፍል የወጪ ብቃት መለኪያው፣ CPI፣ 0.8 ይመጣል፤ በወጣው አንድ ብር የተሠራው የ80 ሳንቲም ሥራ ነው ማለት ነው።

ሲያልቅ ስንት ይፈጃል፣ ማለትም EAC ስንት ነው? መልሱ ያለው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ብልሽቱ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

መሠረት ሲቆፈር ያልታሰበ ዓለት ገጥሞ ከሆነና ቀሪው መሬት ለስላሳ ከሆነ፣ ችግሩ አልፏል። ቀሪው ሥራ በዕቅዱ ዋጋ ይሠራል፦

```
EAC = AC + (BAC - EV)
```

1,100,000 ብር። ሲሚንቶ ተወዶ ከሆነና እንደተወደደ ከቀጠለ ግን ቀሪው 60 ሜትርም በየሜትሩ ያንኑ ያህል ይበላል፦

```
EAC = BAC / CPI
```

1,250,000 ብር። የ150,000 ልዩነት የመጣው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የፕሮጀክት አስተዳደር ፈተና ላይ ጥያቄው «አንድ ጊዜ ብቻ» ወይም «ከእንግዲህ በዕቅዱ መሠረት» ካለ የመጀመሪያው ነው። «በዚሁ ከቀጠለ» ካለ ሁለተኛው። ስለ ምክንያቱ ምንም ካላለ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀው ሁለተኛው ነው። መዘግየቱም ወጪውን ይነካል፣ የማስረከቢያው ቀንም አይነቃነቅም ከተባለ ደግሞ የጊዜ ብቃት መለኪያው SPI፣ ማለትም EV እስካሁን ሊሠራ ለታቀደው ሥራ ዋጋ ሲካፈል የሚገኘው፣ ይገባል፦

```
EAC = AC + (BAC - EV) / (CPI * SPI)
```

እኔን ስንቴ የሸወደኝ SPI ነው። ጥያቄው ውስጥ ስለተሰጠ ብቻ እጠቀመው ነበር። ብዙ ጊዜ የተቀመጠው ለማደናገር ነው።