ስካን የተደረገ ፕላንን ከሥር አድርጎ በትክክለኛ ስኬል መቅዳት ምንድን ነው?

ዲጂታል ፋይሉ የጠፋበትን ወይም ከመጀመሪያውም በእጅ የተነሣን የቤት ፕላን በኦቶካድ እንደገና መሥራት ሲያስፈልግ፣ ወረቀቱን ስካን አድርጎ ማስገባትና በምስሉ ላይ መስመር እየሳቡ መቅዳት የተለመደ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ የገባው ነገር ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ግድግዳውን የሚያየው እንደ ጥቁር ነጥቦች ክምችት ስለሆነ፣ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ስንት ሜትር እንደሆነ ሠራተኛው ራሱ ሊነግረው ይገባል። ስኬል ማስተካከል የሚባለው ይኸው ነው።

ወረቀቱ ላይ 1፡100 ተብሎ መጻፉ ብዙም አይጠቅምም። በኤ3 የታተመ ፕላን በፎቶ ኮፒ ወደ ኤ4 ሲቀነስ እያንዳንዱ ርዝመት ከቀድሞው 71 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚሆን፣ ጽሑፉ 1፡100 እንዳለ ሆኖ እውነተኛው ስኬል ወደ 1፡141 ይሆናል። ስለዚህ መነሻ የሚደረገው በሥዕሉ ላይ በቁጥር የሰፈረ ልኬት ነው፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ቢሰፋም ቢጠብም አይለወጥም።

ለምሳሌ ከአክሲስ 1 እስከ አክሲስ 4 ድረስ 12.40 ሜትር፣ ከአክሲስ A እስከ አክሲስ C ድረስ ደግሞ 9.60 ሜትር የሚል ፕላን አለን እንበል፤ የምንሠራውም በሚሊሜትር ነው። ምስሉን በ`ATTACH` ካስገባን በኋላ፣ ያዘነበለ ከሆነ አስቀድመን በ`ROTATE` እናቃናዋለን። ከዚያ `SCALE` ብለን ምስሉን እንመርጥና የአክሲስ 1 እና የአክሲስ A መገናኛን እንደ መነሻ ነጥብ እንይዛለን፤ `R` ብለን አክሲስ 1ን፣ ቀጥሎም አክሲስ 4ን ጠቅ አድርገን አዲሱን ርዝመት 12400 ብለን እንጽፋለን። ምስሉ ሲገባ ይህ ርቀት 0.7315 ዩኒት ቢሆን፣ ፕሮግራሙ ራሱ አካፍሎ ወደ 16,951 ጊዜ ያህል ያሳድገዋል፤ ይህን ብዜት በእጅ ማስላት አያስፈልግም።

የሚመረጠው ልኬት በፕላኑ ላይ ካሉት ረጅሙ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ስፋቱን በቃሉ ስለሚያውቀው በርን መነሻ ያደርጋል፤ ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚያ ነው። 90 ሴንቲሜትር በር በ1፡100 ወረቀት ላይ 9 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጠቅ ስናደርግ በወረቀቱ ልክ 0.2 ሚሊሜትር ብንስት፣ በእውኑ 20 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከበሩ 2.2 በመቶ ያህል ስተናል ማለት ነው። ያው መቶኛ በ12.40 ሜትሩ ላይ ሲያርፍ 27 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ከ20 ብሎኬት ግድግዳ ውፍረት ይበልጣል። በዚያው 0.2 ሚሊሜትር ረጅሙ ልኬት ላይ ብንስት ግን የጠቅላላው ቤት ስሕተት ከ20 ሚሊሜትር አያልፍም።

ቀጥሎ የሚመጣውና ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ በሌላው አቅጣጫ ማረጋገጥ ነው። በ`DIST` ከአክሲስ A እስከ አክሲስ C ስንለካ በ9600 ፈንታ 9552 ካገኘን፣ ምስሉ በአንድ አቅጣጫ 48 ሚሊሜትር አጥሯል፤ ወረቀቱ ተስቧል ወይም ስካነሩ ሲጎትተው ፍጥነቱ ተዛብቷል። `SCALE` ሁለቱንም አቅጣጫ እኩል ስለሚያሳድግ ይህን አያርምም። መፍትሔው ምስሉን ብሎክ አድርጎ በንብረቶች መስኮት የ`Y` ስኬሉን ብቻ 1.005 ማድረግ ነው። ወረቀቱ በስልክ ካሜራ ከተነሣ ግን ነገሩ ይከፋል፤ 4 ሜትር ተብለው የተጻፉ ሁለት ክፍሎች አንዱ 4.00፣ ሌላው 3.90 ሆነው ከተለኩ ካሜራው አዘንብሎ ነበርና፣ በስኬል ከመታገል ይልቅ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ስካነር ላይ አስተኝቶ እንደገና ማንሣት ይቀላል።

ፒዲኤፍ ሲሆን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ውስጡ ምስል ነው ወይስ መስመር የሚለው ነው። በጣም አቅርበን ስናየው መስመሩ ጥርት ብሎ ከቀጠለ በቀጥታ ከካድ የወጣ ነው፤ በ`PDFATTACH` ሲገባ ጠቋሚው የመስመሩን ጫፍ ስለሚይዝ የመጠቆም ስሕተት ይወገዳል። ጠርዙ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከተበታተነ ግን ስካን ነውና ከላይ ባለው መንገድ ይሠራል። ሲታተም ከገጹ ልክ እንዲገጥም ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥርት ያለውም ቢሆን በአንድ የተጻፈ ልኬት ይፈተሻል።

ስኬሉ ከተስተካከለ በኋላ ምስሉ በራሱ ሌየር ላይ ይቀመጣል፤ በ`DRAWORDER` ከመስመሮቹ ሥር ከወረደ በኋላም ሌየሩ ይቆለፋል። በቅጂው ጊዜም የምስሉን መስመር ጠርዝ በጭፍን መከተል አይገባም፤ 0.5 ሚሊሜትር ወፍራም ብዕር በ1፡100 ሲታይ 50 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ግድግዳውም ከውጭ ጠርዙ ወይም ከውስጥ ጠርዙ በመያዙ ብቻ ልኬቱ ይለያያል። ስለዚህ ከምስሉ የሚወሰደው ቅርጽና አቀማመጥ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከወረቀቱ ላይ ተነብቦ በቁልፍ ሰሌዳ ይገባል፤ ዓይን ብቻውን የሚሠራው ቁጥር ያልተጻፈላቸው ነገሮች ላይ ነው።