«ተቀባይነት ያለው የሐኪም ማስረጃ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «በሽታው ያልተጻፈበት የሐኪም ወረቀት ተቀባይነት የለውም፤ አሠሪ የማጣራት መብት አለው» ሲል አነበብኩ። ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ማጣራት ይችላል፣ ልክ ነው። ግን የሚጣራው በሽታው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። እኔ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ነው ያረጀሁት፤ ይህቺን ልዩነት ማስረዳት ሰልችቶኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 85 የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ወረቀቱ ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም ይምጣ፣ ማስረጃነቱም ትክክለኛ ይሁን። የበሽታው ስም ይጻፍ አይልም። ብዙ ተቋማት ቅጻቸው ላይ ለምርመራ ውጤት ቦታ አላቸው፤ ሐኪሙ ከሞላው ሞላው፣ ካልሞላው ወረቀቱ አይወድቅም።

እስቲ ቼክን አስቡ። የባንክ ሠራተኛዋ ስም፣ ቀን፣ የገንዘቡን ልክና ፊርማ ታያለች። ከተጠራጠረች ቼኩን ለጻፈው ሰው ትደውላለች። «ብሩን ምን ልታደርግበት ነው?» ብላ ግን አትጠይቅም። የሐኪም ወረቀትም እንዲሁ ነው። የታማሚው ስምና የካርድ ቁጥር፣ የታየበት ቀን፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማኅተም ይታያል። ደረቅ ቼክም አለ። የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ካርድ ሕክምና መሄድህን ያሳያሉ እንጂ ሥራ መሥራት አትችልም አይሉም። ረቡዕ የታየ ሰው «ከሰኞ ጀምሮ» የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣም እጠይቃለሁ፤ ሐኪሙ ሰኞን አላየውማ።

«የኛ ክሊኒክ ካልሆነ አንቀበልም» የሚሉም አሉ። ድርጅቱ ከክሊኒክ ጋር የተዋዋለው የሕክምናውን ወጪ ለመሸፈን ነው። ሕጉ ዕውቅና ያለው ተቋም ነው ያለው፣ የእናንተን ክሊኒክ አላለም። ጸበል የሄደ ሰው ግን ከዚያ የሚያመጣው ደብዳቤ በዚህ አንቀጽ አይሠራለትም፤ ከዓመት ፈቃዱ ቢወስድ ይሻለዋል።

ሳልጠየቅ ልጨምር። ማሳወቅና ወረቀት ማምጣት ሁለት ነገር ናቸው። ሠራተኛው በቀረ በማግስቱ ማሳወቅ አለበት፤ አሠሪው ማወቅ የሚችል ከሆነ ወይም ማሳወቁ የማይቻል ከሆነ ግን ይታለፋል። ደግሞ ይህ ሁሉ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት በሌላ ምዕራፍ ይታያል፣ የመንግሥት ሠራተኛም የራሱ ሕግ አለው። የቀኑ ነገር የሚያስጨንቀን ደግሞ በክፍያው ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ።

ማጣራት በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ወረቀት ላሳያችሁ። «ከ10 እስከ 17፣ 8 ቀን ዕረፍት» ይላል። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፣ ሒሳቡም ይገጥማል። ግር ያለኝ ከታች ያለችው «በ13 ይመለስ» የምትል መስመር ነበረች። እስከ 17 የሚያርፍ ሰው በመሀል ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ሳደርገው ግን የ8ቷ ግራ ጎን ከቀኟ ደመቅ ይላል። 3 በእስክሪብቶ 8 ይሆናል፤ 12ም ትንሽ ከተነካካ 17 ይሆናል።

ፎቶ ኮፒውን አያይዤ ለጤና ተቋሙ ደብዳቤ ጻፍኩ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ ወረቀቱ ከእናንተ ነው ወይ የወጣው? የሰጣችሁት ዕረፍት ከስንት እስከ ስንት ነው? አለቃዬ «ምን እንዳመመውም ጠይቅልኝ» ብለውኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ሐኪም የታማሚን ምስጢር ቢያወጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ሊጠየቅ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። ስልክ ደውሎ «እባክህ ንገረኝ፣ በኛው ይቅር» ማለት ሰውየውን ጣጣ ውስጥ መክተት ነው።

መልሱ መጣ። ካርዱ የኛ ነው፣ የሰጠነው ዕረፍት ከ10 እስከ 12፣ 3 ቀን ነው ይላል። ወረቀት መነካካቱ ራሱን ችሎ በዲሲፕሊን ታየ፤ 5ቱ ቀናትም ያለ ፈቃድ መቅረት ሆነው ተመዘገቡ። አስተያየት ሰጪያችን እዚህ ላይ «አያችሁ!» ይል ይሆናል። ግን ልብ በሉ፣ በሽታው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናትም እንደ ሕመም ፈቃድ ቆጥረን ከፍለነዋል፤ እነሱን የሰጠው ሐኪሙ ነውና።