ብሪኬት ምንድን ነው? ከከሰል ድቃቂ የሚወጣ ሥራ

ደሴ ውስጥ ከሰል የሚቸረቸርበት ቦታ ጎራ ብትሉ፣ ማዳበሪያው ሲያልቅ ግርጌው ላይ ጥቁር ድቃቂ ቀርቶ ታያላችሁ። ከሰል ሲጫን ይሰበራል፣ ሲራገፍ ይሰበራል፣ በጣሳ ሲሰፈርም ይደቃል። ቸርቻሪዋ ድቃቂውን ለደንበኛ ብትሰፍር ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ወይ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ወይ ቦይ ውስጥ ይደፋል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ወደ ቦርከና ያወርደዋል።

ብሪኬት ማለት ይህንን ድቃቂ በማጣበቂያ አቡክቶ፣ ጨፍልቆ፣ አድርቆ እንደገና የሚነድ ከሰል ማድረግ ነው።

ስለ ቆሻሻ ንግድ ሲወራ ቀድመው የሚነሱት የፕላስቲክ ጠርሙስና የጎማ ጫማ ናቸው። እኔ ግን ለደሴና ለኮምቦልቻ ድቃቂውን አስቀድማለሁ። ባዶ ጠርሙስ ክብደት የለውም፤ መጭመቂያ ከሌላችሁ መኪና ተከራይታችሁ የምትጭኑት አየር ነው። ብሪኬት ግን የሚሠራውም የሚሸጠውም እዚያው ሰፈር ነው። ደግሞ ከባዱ ሥራ፣ ማለትም እንጨቱን ማክሰል፣ ቀድሞ ተሠርቷል።

መቶ ኪሎ ድቃቂ ሰበሰባችሁ እንበል። መጀመሪያ አስጥታችሁ ታደርቁታላችሁ፣ ከዚያ በወንፊት ትነፋላችሁ። ጠጠሩ፣ ሲባጎው፣ በደንብ ያልከሰለው ቡናማ ስንጥር ይወጣል። ስንጥሩን አትናቁት፣ በኋላ የሚያጨሰው እሱ ነው። ጉርዱን ከሰል ወቅጣችሁ ትመልሱታላችሁ። እንዲህ ተጣርቶ 80 ኪሎ ቀረ እንበል።

ወንፊት የማይዘው አንድ ነገር አለ፤ አፈር። ደቃቅ አፈር ከከሰሉ ጋር አብሮ ያልፋል። ጉዱ የሚታየው ሲነድ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ፈትኑ። 100 ግራም ደረቅ ድቃቂ በቆርቆሮ ላይ አድርጋችሁ፣ እያገላበጣችሁ አመድ እስኪሆን አንድዱና አመዱን መዝኑ። ከ25 ግራም በላይ ከሆነ ሩቡ የማይነድ ነገር ነው ማለት ነው፤ ተዉት። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለቸርቻሪዋ ሸራ ስጧትና ከሰሉን በላዩ ላይ ታራግፍ። መሬት ያልነካ ድቃቂ ትንሽ ቢከፈልበትም ያዋጣል።

ቀጥሎ ማጣበቂያ ነው። የከሰል ድቃቂ ብቻውን ቢጨመቅ አይያያዝም። ሲደርቅ ይፈርሳል። በጣም የተለመደው ማጣበቂያ ስታርች ያለው ዱቄት ነው፣ በቆሎ ለምሳሌ። ልኩ ከድቃቂው ክብደት 5 ከመቶ አካባቢ ነው፤ ለ80 ኪሎ 4 ኪሎ ዱቄት። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡትና የቀረውን ውሃ ጨምራችሁ አፍሉት። በጠቅላላው ወደ 40 ሊትር ይሆናል። እያማሰላችሁ እንደ አጥሚት ሲወፍር አውጡት። ጥሬ ዱቄት ደረቁ ላይ ነስንሶ ውሃ ማርከፍከፍ አይሠራም። ዱቄቱ የሚያጣብቀው ሲበስል ነው።

ሙቅ ማጣበቂያውን በትንሽ በትንሹ እያፈሰሳችሁ በአካፋ አገላብጡ። አንዴ ሁሉንም አትገልብጡት። እፍኝ ይዛችሁ ጨብጡ። ቅርጹን ይዞ ከቀረና በጣቶቻችሁ መሃል ውሃ ካልወጣ በቃ። ከዚያ ወደ ማተሚያው ይገባል። በእጅ የሚጫን የብረት ቅርጽ ለጀማሪ ይበቃል። ሞተሩ ገበያው ከተገኘ በኋላ ይደርሳል።

ማድረቂያው ቆጥ ወይም ወንፊት ነገር ቢሆን ይመረጣል፣ ከታችም አየር እንዲያገኝ። በደህና ፀሐይ ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ውስጥ ቢያሳልፍ ጥሩ ነው፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ይሰነጠቃል። ከ80 ኪሎ ድቃቂና ከ4 ኪሎ ዱቄት፣ ትንሽ እርጥበት ቀርቶበት፣ ወደ 90 ኪሎ ብሪኬት ይጠበቃል። ሂሳቡን እንግዲህ ከዚህ ጀምሩ። ለአንድ ኪሎ ብሪኬት የሚገባው ዱቄት 45 ግራም ገደማ ነው። ድቃቂው በርካሽ ከተገኘ ትልቁ የዕቃ ወጪ ይህ ዱቄት ነው። ዱቄት በተወደደ ቁጥር ትርፉ የሚነካው ለዚህ ነው። የወፍጮ ቤት ጥራጊ ካገኛችሁ ይቀላል፤ አሸዋ እንዳይኖረው ብቻ እዩት። አንዳንዱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ሸክላ አፈር ይጨምራል። ይያያዛል፣ ግን አመዱን ያበዛል፣ ሙቀቱን ይቀንሳል።

የደረቀውን አንዱን ከወገብ ከፍታ መሬት ላይ ልቀቁት። ከተበተነ ማጣበቂያው አንሷል ወይም አልበሰለም። ከተያያዘ፣ ስትሰብሩት ውስጡ ከላዩ የጠቆረና የቀዘቀዘ መሆኑን እዩ። ከሆነ ገና አልደረቀም። ሲነድ ቢያጨስ ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ ያልከሰለ ስንጥር ገብቶበታል።

ድቃቂው ሲያልቅስ? ከጫት የሚቀረው ገራባና እንጨቱ፣ የማሽላ አገዳውም አለ። እነዚህ ግን መጀመሪያ መክሰል አለባቸው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ግርጌው ተበስቶ ይሞላና ይለኮሳል። ጭሱ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፣ እርጥበቱ እየወጣ ነውና። ሲሳሳና ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ከላይም ከታችም ይዘጋል፣ በጭቃ ይመረጋል፣ እስኪበርድ ያድራል። ትኩሱን ከከፈታችሁት አየር ያገኝና ተቀጣጥሎ አመድ ይሆናል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ነገር የሚገኘው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ከሰል ነው። ከገራባው ቅጠሉ ብዙም አይረባም፣ እንጨቱ ነው ነገሩ። ጭሱንም ጎረቤት አይችለውም፤ ይህን ሥራ ከመኖሪያ ሰፈር አርቁት። የመጋዝ ብናኝ ደግሞ ተጠቅጥቆ አየር ስለማያሳልፍ በዚህ በርሜል እንዲሁ አይሆንም።

ሌላው ፈተና ሰማዩ ነው። ደሴ ክረምቱ ጭጋግና ዝናብ ነው፣ የበልጉ ዝናብም አለ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ስለሆነች ለማድረቅ ትሻላለች። ከሰል የሚፈለገው ደግሞ በክረምት ነው። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር አምርቶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ አከማችቶ ክረምት ላይ መሸጥ ነው የሚያዋጣው። ይህ ማለት ገንዘባችሁ ለወራት ተይዞ ይቀመጣል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው በማሽን ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ለማን ይሸጣል? ቤት ውስጥ አቦል እስከ በረካ ለምታፈላ እናት አስቀድማችሁ አትሂዱ። እሷ የምትፈልገው ቶሎ የሚቀጣጠል ከሰል ነው፤ ብሪኬት ግን ለመያዝ ይዘገያል። አንዴ ከያዘ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። የሚመቸው እሳት ቀኑን ሙሉ ለማያጠፉ ነው፦ የጀበና ቡና ሻጮች፣ ሻይ ቤቶች፣ ንፍሮና ወጥ የሚቀቅሉ ምግብ ቤቶች። ለማስነሻ ጥቂት ተራ ከሰል ከሥር ይደረጋል።

ጭስ የለውም ብላችሁ ግን አትሽጡ። ማንኛውም ከሰል የማይታይና ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያወጣል። በደሴ ብርድ በሩን ዘግቶ ምድጃ አስገብቶ መተኛት በብሪኬትም ይገድላል። ከረጢቱ ላይ ጻፉት።

መለኪያውም ያጣላል። ከሰል በጣሳ ነው የሚለመደው፣ ብሪኬት ግን ጥቅጥቅ ስላለ በኪሎ ሲሸጥ ከረጢቱ ትንሽ ይመስላል። ደንበኛዋ ተበላሁ ትላለች። እሷው ምድጃ ላይ አንድ ኪሎ ከሰልና አንድ ኪሎ ብሪኬት በየተራ አንድዱ፤ በአንድ ድስት፣ በእኩል ውሃ። ስንት ጊዜ እንደፈላ ራሷ ትቁጠር። አፈር የገባበት ብሪኬት እዚያው ይጋለጣል፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በራሳችሁ ቤት ሞክሩት።